«ከ1951 ጀምሮ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፦ የድርጅትን ዕድሜ ስንቆጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰው መዝገብ ስትይዝ የድርጅት ፕሮፋይል መጻፍም ተጎትቶ ይመጣል። አንዱ ለጨረታ ይፈልገዋል፣ ሌላው ለባንክ ብድር፣ ሌላው ለምሥረታ በዓል። ፕሮፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደግሞ «የተመሠረተበት ዓመት» የምትል አንዲት መስመር አለች። ሰው የሚሰናከለው እዚችው ላይ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት መጣና «ከአያቴ ጀምረህ ጻፍልኝ» አለኝ። «የአያትህ ንግድና ያንተ ንግድ በምን ይገናኛሉ?» ብለው ተቀየመኝ። ጥያቄው ስድብ አልነበረም። የሥራው ግማሽ እሱ ነው።

አንድ መፈልፈያ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። አያትየው ከሸሪካቸው ጋር በ1951 እዚሁ ጅማ ቡና መፈልፈያ ከፈቱ። በ1968 መኪናው ለገበሬ ማኅበር ተሰጠ። አያትየው በዚያው ቤት ጨውና ስኳር እየቸረቸሩ ደርግን አሳለፉ። በ1985 ልጃቸው በራሱ ስም ንግድ ፈቃድ አወጣ፣ ሌላ መኪና ገዛ፣ መፈልፈል ጀመረ። በኅዳር 2001 ደግሞ ከልጆቹ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋመ። በር ላይ ያለው ታፔላ ግን «ከ1951 ጀምሮ ያለማቋረጥ» ይላል።

አንድ ቁጥር መፈለግ

«ታዲያ ዕድሜው ስንት ነው?» ይሉኛል። ማነው የሚጠይቀው? እንደ ጠያቂው መልሱ ይለያያል።

በሕግ ዓይን ማኅበሩ የተወለደው ንግድ መዝገብ ላይ በተመዘገበበት ቀን ነው፤ ስለዚህ የ2001 ልጅ ነው። የመፈልፈል ሥራው ግን ሳይቋረጥ የመጣው ከ1985 ነው። ቤተሰቡ ከቡና ጋር የተዋወቀው ደግሞ በ1951 ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። ውሸት የሚሆነው የአንዱን ቁጥር ለሌላው ጥያቄ ስትሰጡት ነው።

በ2009 እነዚህ ሰዎች የ10 ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ጨረታ ገቡ። ፕሮፋይላቸው ላይ «የ58 ዓመት ልምድ» ብለው ጻፉ። ያያዙት የምዝገባ ወረቀት ግን የ8 ዓመት ነው። ኮሚቴው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ጣላቸው። የሚያናድደው፣ ከ1985 ጀምሮ 24 ዓመት በወረቀት ማሳየት ይችሉ ነበር። ኮሚቴው ያንን የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ የጨረታ ሰነዱ የማኅበሩን ዕድሜ ነው ወይስ የሥራ ልምድን የጠየቀው የሚለው ይወስነዋል። ቢያንስ ግን የሚከራከሩበት ነገር በእጃቸው ነበር። 58 ብለው 24ቱንም አጡ።

መጋጠሚያውን አለመመርመር

ድርጅት ከቀዳሚው ሲወለድ አንድ መጋጠሚያ አለ። እዚያ ላይ «ምን ተሻገረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መሣሪያው? ዕዳው? ደንበኛው? ሠራተኛው? ስሙ ብቻ?

የመፈልፈያውን የ2001 መጋጠሚያ ስመረምር መጀመሪያ የከፈትኩት መመሥረቻ ጽሑፉን ነው። የመዋጮው አንቀጽ ላይ አባትየው በዓይነት ያዋጡት ንብረት ተዘርዝሯል፦ መፈልፈያው፣ ሚዛኑ፣ አንድ አይሱዙ፣ ከነግምታቸው። ጥሩ ምልክት ነው። የግለሰብ ነጋዴ ወደ ማኅበር ሲገባ ግን ያው ሰው ልብስ ቀየረ ማለት አይደለም። አዲስ ሰው ተወልዶ ንብረቱን ተረክቧል። ቀድሞ የተቋቋመ ማኅበር ቅርጹን ሲለውጥ፣ ለምሳሌ የግል ማኅበር ወደ አክሲዮን ማኅበር ሲዞር፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ አዲስ ሰው አይወለድም፣ ዕድሜውም ይቀጥላል። እነዚህን ሁለቱን የማያምታታ ሰው እስካሁን ብዙም አላጋጠመኝም።

ቀጥዬ የአባትየውን የግል ፈቃድ ፈለግሁ። መቼ መለሱት? በ2002 መጨረሻ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ በሁለት ፈቃድ ሠርተዋል ማለት ነው። ይህ ሰንሰለቱን አይበጥሰውም። ግን አንድ ሰው «የትኛው ነው የፈለፈለው?» ብሎ ከጠየቀ በዚያ ጊዜ የተቆረጡትን ደረሰኞች ማሳየት ያስፈልጋል።

የ1968ቱ መጋጠሚያ ላይ ግን ምንም አልተሻገረም። መኪናው ሄደ፣ ሽርክናው ፈረሰ፣ ሥራው ቆመ። ቤተሰቡ «ቤቱ እኮ አንድ ነው!» ብለው የቀበሌ ኪራይ ደብተር አመጡልኝ። የምታምር ደብተር ናት፤ ጠርዟ በቡና እጅ ወዝቷል፣ ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ቤቱ የቀበሌ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ በየወሩ ማኅተም አለባት። የምትመሰክረው ግን ስለ ተከራዩ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ቡና ይፈለፈል ወይስ ጨው ይቸርቸር፣ ደብተሯ አታውቅም።

የ17 ዓመት ክፍተት አሳፋሪ አይደለም። በዚያ ዘመን ስንቱ ቆሟል። አሳፋሪው «ያለማቋረጥ» የምትለው ቃል ናት።

የብረት ላይ ዓመት

ይህን ስህተት እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ሥራ ስጀምር ለአንድ ወፍጮ ቤት የምሥረታ በዓል ጽሑፍ ጻፍኩ። መኪናው ላይ በተበየደችው ሳህን 1938 የሚል ቁጥር አይቼ ደስ አለኝ፣ ያንኑ ጻፍኩ። በዓሉ ላይ አንድ አዛውንት ጎኔ መጥተው ቁጭ አሉና «ልጄ፣ ያንን መኪና እኮ አሮጌውን ነው ከሌላ ሰው የገዛነው፤ እኔ ነኝ ያስጫንኩት» አሉኝ። ቁጥሩም የፈረንጅ ነበር። መኪናው የተሠራበት ዓመት እንጂ ወፍጮ ቤቱ የተከፈተበት አይደለም። ኬኩ ላይ የተጻፈውን ማንም አላነሳብኝም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ስም ሲመሳሰል ዘር ነው ማለት

አቢሲኒያ ባንክ ሲባል ብዙ ሰው ምኒልክን ያስባል። የምኒልኩ ባንክ በ1898 ተከፈተ። በእንግሊዝ ይመራ የነበረው ያ ባንክ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጀመሪያ ፈርሶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ዛሬ የምናውቀው የግል አክሲዮን ማኅበር የተቋቋመው በ1988 ነው። በመካከላቸው 90 ዓመት አለ። የተወሰደው ስሙ ነው፣ የተወረሰ ሒሳብ የለም።

ንግድ ባንክን ደግሞ ተመልከቱ። በዚህ ስም አክሲዮን ማኅበር የሆነው በ1956 ነው፤ የመንግሥት ባንክ ሥራ ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ ሲከፈል። ታሪኩን ግን ከመንግሥት ባንክ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1942 ይቆጥራል። ስሙ ቢለያይም የንግድ ባንክነቱ ሥራ በቀጥታ ስለተላለፈለት አባባሉ ያስኬዳል። ስሙ አንድ የሆነው ዘመድ አይደለም፤ ስሙ የተለየው ነው ዘመዱ።

ሲቀላቀሉ ትልቁን ዕድሜ መውሰድ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኩባንያ አይደለም፣ ግን ለዚህ ከሱ የተሻለ ምሳሌ ከተማችን ውስጥ የለም። የእርሻው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952፣ የጤናው ተቋም በ1983 ተጀመሩ። ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በታኅሣሥ 1992 ነው፤ ይህኛው በእኛ አቆጣጠር። «ሥሩ ከእርሻ ትምህርት ቤቱ ይመዘዛል» ማለት ልክ ነው። «ዩኒቨርሲቲው በዚያን ጊዜ ተመሠረተ» ማለት ግን ትክክል አይሆንም። የሁለቱን ዕድሜ የደመረም ሰው አይቻለሁ፤ ስለሱ ባልናገር ይሻላል።

የኢትዮጵያ መድን ድርጅት 13 የተወረሱ የግል መድን ኩባንያዎችን ሀብትና ዕዳ ተረክቦ ነው በ1968 ሥራ የጀመረው። ከ13ቱ የጥንቱን መርጦ «ያ እኔ ነኝ» ማለት ይችል ነበር። የሚቆጥረው ግን ከራሱ ነው። እንዲህ ያለ ልክ ይመቸኛል።

የታደሰ ወረቀት

አድራሻ ወይም ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር የምዝገባ ወረቀቱ ይተካል፤ የተመዘገበበትን ቀን እንጂ ወረቀቱ የተሰጠበትን አትገልብጡ።

የዘመን አቆጣጠር

ይህ የሰባትና የስምንት ነገር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። መፈልፈያው የተመዘገበው በኅዳር 2001 ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 2008። የእንግሊዝኛው ፕሮፋይል ግን 2009 ይላል፤ ጸሐፊው በደፈናው ስምንት ደምሮ። የውጭ ገዢ ሁለቱን ወረቀቶች ሲያስተያይ አንድ ዓመት ይጎድላል፣ ኢሜይል ይመጣል፣ ማብራሪያ ይጻፋል። ወሩን ሳታውቁ ዓመቱን አትቀይሩ።

ለደንበኛ ሽማግሌ፣ ለሠራተኛ ሕፃን መሆን

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ደግሜ ደጋግሜ ያየሁት ስለሆነ።

ያው መፈልፈያ በ2012 ሠራተኛ ቀነሰ። ከተቀነሱት አንዱ የመኪና ኦፕሬተር ነው። በ1988 በ20 ዓመቱ በአባትየው ዘመን ተቀጥሯል፣ ዕድሜው ለጡረታ አልደረሰም። የስንብት ክፍያው ሲሰላ የአገልግሎት ዘመኑ 11 ዓመት ተባለ። «ለምን?» ስል፣ «ማኅበሩ የተቋቋመው በ2001 ነው፣ ከዚያ በፊት የት ነበርን?» ተባልኩ። ይህን ያለኝ ሰውዬ ከኋላው ግድግዳው ላይ «ከ1951 ጀምሮ» የሚል ካላንደር ሰቅሏል!

የሠራተኛ ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። አዋጅ 1156/2011 ድርጅት ሲቀላቀል፣ ሲከፋፈል ወይም ባለቤትነቱ ሲተላለፍ የሥራ ውል አይቋረጥም ይላል። ኦፕሬተሩ አንድም ቀን ሳያርፍ፣ በዚያው መኪና ላይ፣ ከአባት ወደ ማኅበር ተሻግሯል። እንደ እኔ እምነት ዘመኑ 24 ዓመት ነው።

ለቅነሳ የሚታከለውን የ60 ቀን ደመወዝ ትተን፣ በአገልግሎት ዘመን የሚሰላው ሒሳብ ቀላል ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 10 ቀን። በ11 ዓመት 30 ሲደመር 100፣ የ130 ቀን። በ24 ዓመት 30 ሲደመር 230፣ የ260 ቀን። ልክ እጥፍ።

ለማሳመን የተጠቀምኩት መመሥረቻ ጽሑፉንና ሁለት የደመወዝ መክፈያ ሊስት ነው። አንዱ የጥቅምት 2001፣ የአባትየው። ሌላው የታኅሣሥ 2001፣ የማኅበሩ። የኦፕሬተሩ ስም በሁለቱም ላይ ሦስተኛ ተራ ላይ ነው፣ ደመወዙ አልተለወጠም፣ ፊርማውም ያው ነው። ባለቤቱ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አስተያያቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «260 አድርገው» አለኝ።

ፕሮፋይሉንም በዚያው ሳምንት አስተካከልነው፦ «ማኅበሩ በኅዳር 2001 የተመዘገበ ሲሆን በ1985 የተጀመረውን የመፈልፈያ ሥራ ተረክቧል። ቤተሰቡ ከ1951 እስከ 1968 በጅማ ቡና ፈልፍሏል።» ታፔላው ላይ ያለችው «ያለማቋረጥ» ግን እስካሁን አልተነካችም። ቀለም ቀቢው ቀጥሮናል ይላሉ።