ባትል ፓስ ወይስ ኤክስፓንሽን? 10 ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት እንዴት እንደምታሰሉ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጌም የሚጫወት ሰው ዶላር የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። ብዙ ጊዜ ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት ናት የጊፍት ካርድ ኮድ የምትልከው። ያቺ 10 ዶላር በከንቱ እንዳትቀር፣ ስቶሩ ላይ ተደርድረው የሚታዩትን ባትል ፓስ፣ ሲዝን ፓስ፣ ዲኤልሲና ኤክስፓንሽን መለየት ያስፈልጋል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። የሚሰጡት ነገር ግን በጣም ይራራቃል።

መጀመሪያ፣ ማብቂያ ቀን እንዳለው እዩ

የምትገዙት ነገር ገጽ ላይ የሚቆጥር ሰዓትና የሌቭል ዝርዝር ካለ፣ ስሙ ምንም ይሁን ባትል ፓስ ነው። አንዳንድ ጌሞች፣ ለምሳሌ ዴስቲኒ 2፣ ይህንኑ ነገር ሲዝን ፓስ ብለው ሸጠውታል። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ሰዓቱን ተመልከቱ።

ባትል ፓስ ስትገዙ ስኪኑ ወዲያው እጃችሁ አይገባም። ሲዝኑ እስኪያልቅ ተጫውታችሁ፣ ሌቭል እየጨመራችሁ፣ አንድ በአንድ ትከፍቱታላችሁ። ያልደረሳችሁበት ሌቭል ሽልማት አብዛኛውን ጊዜ ከሲዝኑ ጋር ያልፋል። የማያልቅ ፓስ የሚሸጡም አሉ፤ ሄሎ ኢንፊኒት እና ሄልዳይቨርስ 2 እንዲህ ናቸው። የነሱን በፈለጋችሁት ጊዜ መጨረስ ትችላላችሁ።

ኤክስፓንሽን ሌላ ነው። አዲስ ታሪክ፣ አዲስ ካርታ፣ አዲስ ጠላት ይዞ ይመጣል። ከፍላችሁ ካወረዳችሁት ዛሬም፣ ከዓመት በኋላም ትጫወቱታላችሁ። ዲኤልሲ ደግሞ ኤክስፓንሽንን ጨምሮ ዋናው ጌም ላይ የሚጨመር ማንኛውም ነገር የጋራ ስም ነው፤ ትንሽም ትልቅም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦብሊቪየን የተባለው ጌም ለፈረስ የሚለበስ ጋሻ ብቻ በ2.50 ዶላር ሸጦ ብዙ ተጫዋች አስቆጥቷል። ስለዚህ "ዲኤልሲ" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ውስጡ ምን እንዳለ አንብቡ።

ቀጥሎ፣ የጌሙን ሳንቲም ወደ ዶላር መልሱ

ኤክስፓንሽን በቀጥታ በዶላር ይሸጣል። ባትል ፓስ ግን ብዙውን ጊዜ በጌሙ ሳንቲም ነው። ፎርትናይትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ባትል ፓስ ሲጀምር ዋጋው 950 ቪ-ባክስ ነበር፤ ለዓመታትም እዚያው ቆይቷል። ትንሹ ጥቅል ግን 1000 ቪ-ባክስ፣ ዋጋውም 9.99 ዶላር ነበር። 50ው ይተርፋል፤ በ50 ደግሞ የሚረባ ነገር አይገዛም። ዋጋዎቹ በየጊዜው ስለሚለወጡ የዛሬውን ራሳችሁ እዩ። ማስላት ያለባችሁ ግን ሁሌም የፓሱን ዋጋ ሳይሆን ለመግዛት የሚያስገድዳችሁን ጥቅል ዋጋ ነው።

ከዚያ ሰዓታችሁን አስሉ

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ሲዝኑ ሲከፈት ሳትገዙ አንድ ሳምንት በነጻ ተጫወቱ። ስንት ሌቭል እንደጨመራችሁ መዝግቡና በቀሩት ሳምንታት አባዙ።

አንድ የደሴ ተማሪ እንበል። በሳምንት 6 ሌቭል ይጨምራል። ሲዝኑ በጠቅላላ 10 ሳምንት ነው። ስለዚህ 60ኛ ሌቭል ላይ ይቆማል። የሚፈልገው ስኪን ግን 85ኛው ላይ ነው። መብራት የሚጠፋበት ቀን፣ የፈተና ሳምንት፣ ረመዳን መሀል ላይ ከገባም የሚቀንሰው ሰዓት ሲደመር 60ውም ላይሞላ ይችላል።

ያኔ ጌሙ ሌቭል በሳንቲም ልሽጥላችሁ ይላል። ፎርትናይት ላይ አንዱ ሌቭል 150 ቪ-ባክስ ሲሸጥ ኖሯል። የጎደለው 25 ሌቭል ነው፤ 25 በ150 ሲባዛ 3750 ይመጣል። ይህ የፓሱን ዋጋ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የ10 ዶላር ዕቃ ወደ 50 ዶላር የሚጠጋው በዚህ መንገድ ነው።

መፍትሔ አለው፤ እኔም ለሁሉም ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ፓሱን መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ግዙ። ፎርትናይትን በመሰሉ በሌቭል የሚሄዱ ፓሶች ላይ በነጻ እየተጫወታችሁ የደረሳችሁበት ሌቭል ይቆጠራል። በመጨረሻው ሳምንት ስትከፍሉ እስከዚያ ያለው ሽልማት በአንድ ጊዜ ይከፈትላችኋል። የምትፈልጉት ላይ ካልደረሳችሁ ደግሞ ምንም አላወጣችሁም። ኔትወርክ ተቋርጦ እንዳያመልጣችሁ ግን የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ።

በዚያው ዋጋ ኤክስፓንሽን ምን ይሰጣል?

ዊቸር 3 ጥሩ ማሳያ ነው። ሃርትስ ኦፍ ስቶን የተባለው ኤክስፓንሽኑ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 በ9.99 ዶላር ወጣ። ሰሪዎቹ 10 ሰዓት ገደማ ያጫውታል ብለው ነበር። በግንቦት 2016 የመጣው ብለድ ኤንድ ዋይን 19.99 ዶላር ሲሆን 20 ሰዓት ገደማ ተብሎለታል። ከባትል ፓስ ጋር እኩል 10 ዶላር ከፍላችሁ ሙሉ ታሪክ ታገኛላችሁ፤ የሚያስቸኩላችሁም የለም።

ኤክስፓንሽን የራሱ በር አለው። መጀመሪያ ዋናው ጌም ሊኖራችሁ ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ ዋናው ጌም ውስጥ ሩቅ መሄድን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በ39.99 ዶላር የወጣው የኤልደን ሪንግ ኤክስፓንሽን፣ ራዳንና ሞግ የተባሉትን ሁለት ኃይለኛ ጠላቶች ካላሸነፋችሁ አይከፈትም። እዚያ ያልደረሰ ሰው ከፍሎ በር ላይ ይቆማል።

ሲዝን ፓስ በድሮው ትርጉሙ ገና ያልወጡ ዲኤልሲዎችን በቅድሚያ በጅምላ መግዛት ነው። የዊቸር 3ን ሁለት ኤክስፓንሽኖች የያዘው ፓስ በ24.99 ዶላር የተሸጠው ዋናው ጌም እንኳን ሳይወጣ ነው። ለየብቻ ከገዛው ሰው ወደ 5 ዶላር ያተርፋል፤ ሁለተኛውን ለማግኘት ግን ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቋል። ያ ሥራ ጥሩ ሆኖ ወጣ። ሁሉም እንዲህ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ደግሞ ዋናውንና ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ እትም መጣ። ዶላር በችግር ለሚያገኝ ሰው ሙሉውን እትም መጠበቅ ሲዝን ፓስ ከመግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከመክፈል በፊት ክልሉን አመሳክሩ

የእኛ አገር ዲስኮች ብዙዎቹ ከዓረብ አገር ወይም ከአውሮፓ የመጡ ናቸው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ዲኤልሲ እንዲሠራ የዲስኩና ዲኤልሲው የተገዛበት አካውንት ክልል መግጠም አለበት። በአሜሪካ አካውንት የገዛችሁት ዲኤልሲ ከዓረብ አገር የመጣውን ዲስክ ላያውቀው ይችላል። የዲስኩ ሽፋን ጠርዝ ላይ CUSA ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ። እሱን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና የየትኛው ክልል እንደሆነ እዩ። እህታችሁ የምትልከው ካርድም አካውንታችሁ የተከፈተበት አገር ካርድ መሆን አለበት። ያገለገለ ሙሉ እትም ስትገዙ ኤክስፓንሽኑ ዲስኩ ላይ ነው ወይስ በወረቀት ኮድ ብላችሁ ጠይቁ። ኮዱ አንዴ ከገባ ለሁለተኛ ሰው አይሠራም።

ጌም ቤት ላላችሁ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ኤክስፓንሽን የገዛው አካውንት ኮንሶሉ ላይ ዋና ተደርጎ ከተመዘገበ፣ በዚያ ማሽን የሚቀመጥ ደንበኛ ሁሉ በራሱ አካውንት ይጫወተዋል። የባትል ፓስ ሽልማት ግን ፓሱ ከተገዛበት የተጫዋች አካውንት አይወጣም። ስለዚህ ለቤቱ ኤክስፓንሽን ግዙ፤ ባትል ፓሱን ደንበኛው ከፈለገ በራሱ አካውንት ይግዛ።