ወረቀት ላይ ያማረው ንግግር ታይምላይን ላይ ለምን ይሰበራል?

ሱሉልታ ላይ ስለ ወተት ሻጮች አጭር ዶክመንተሪ እየሠራችሁ ነው እንበል። ቃለ ምልልሱ ሦስት ሰዓት ነው፣ የሚፈለገው ፊልም 12 ደቂቃ። ትራንስክሪፕቱን ፕሪንት አድርጋችሁ፣ ምርጥ ምርጡን በማርከር አቅልማችሁ፣ ቆራርጣችሁ ግድግዳ ላይ በቅደም ተከተል ለጥፋችኋል፤ ፔፐር ኤዲት የሚባለው ይሄ ነው። ሲነበብ ያምራል። ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ውስጥ ክሊፖቹ በሚደረደሩበት ታይምላይን ላይ ሲገባ ግን ይንገዳገዳል።

ምልክቱ፦ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ ድምፁ ግን የተቆረጠ ይመስላል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአራት ነጥቡ ነው። ትራንስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ነጥብ የሚያደርገው ሰዋስው ሲሞላለት እንጂ የተናጋሪው ድምፅ ሲወርድ አይደለም። ላም ያላቸው አንዲት እናት ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብለዋል፦

`C0012.MP4 00:14:32` «መንገዱ ከተቆፈረ ወዲህ እኔው ተሸክሜ እስከ አስፋልቱ እወስዳለሁ። ማን ያግዘኛል።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ መረጣችሁ። ክሊፑን ስትሰሙት ግን እሳቸው ያሉት «እወስዳለሁ እንጂ ማን ያግዘኛል» ነው፣ ባንድ ትንፋሽ። «እንጂ»ን ጸሐፊው ለንባብ እንዲመች አውጥቷታል። «እወስዳለሁ» ላይ ድምፃቸው ገና ወደ ላይ ነው፣ እዚያ ብትቆርጡ ተመልካቹ ቀጣዩን ይጠብቃል። የላሟን ድምፅ ብትደርቡበትም አይድንም።

መፍትሄው ወረቀቱን ከመቁረጥ በፊት የተቀለመውን ብቻ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ነው። ሦስቱን ሰዓት አይደለም፣ የተመረጠውን ብቻ። ድምፁ የወረደበት ቦታ ላይ ወደ ታች ቀስት፣ የቀጠለበት ላይ ወደ ጎን ቀስት አድርጉ። የጎን ቀስት ያለበት ቦታ መቁረጫ አይሆንም። ወይ እስከሚቀጥለው የታች ቀስት ትወስዱታላችሁ፣ ወይ ትተውታላችሁ። እዚህኛው ላይ «ማን ያግዘኛል» ድረስ መውሰድ ነው፣ እንዲያውም ይሻላል። ትራንስክሪፕት ለሚጽፈው ሰውም «እንጂ»፣ «ታዲያ»፣ «እ...» እና ሳቅ ሳይቀር እንዳለ እንዲጽፍ ቀድማችሁ ንገሩት። ያማረ ጽሑፍ ለጋዜጣ ነው።

ምልክቱ፦ ሰውየው ያላለውን ያለ ይመስላል

ይሄኛው ያስፈራል። በአማርኛ ግሱም አፍራሹም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ላሞቼን ሸጬ ከተማ መግባት እፈልጋለሁ ማለቴ አይደለም» ያሉት አባት፣ የመስመሩ ማብቂያ «እፈልጋለሁ» ላይ ከወደቀና መቀሱም እዚያው ካረፈ፣ ተቃራኒውን ተናገሩ ማለት ነው። ጥሬውን ያልሰማ ኤዲተር በምንም አያውቅም። ስለዚህ ከተመረጠው ቁራጭ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት መስመር ትታችሁ ቁረጡ፣ የማትፈልጉትን በእርሳስ ሰርዙት እንጂ አትጣሉት።

በኦሮምኛ የተናገረ ሰው ካለ (ሱሉልታ ላይ ደግሞ ይኖራል) በአማርኛ ትርጉሙ ብቻ ፔፐር ኤዲት አትሥሩ። ተርጓሚ ሁለት ዓረፍተ ነገር አንድ ያደርጋል፣ ቅደም ተከተልም ይለውጣል። ግራ በኩል የተናገሩት በቁቤ፣ ቀኝ በኩል ትርጉሙ ይሁን። ቀስቶቹን ቋንቋውን የሚችል ሰው ያድርግላችሁ።

ምልክቱ፦ መልሱ ምን እንደሚያወራ አይታወቅም

«እሱማ ድሮ እዚህ ደጃፍ ድረስ ይመጣ ነበር።» ማን? ወረቀቱ ላይ ጥያቄው ከላይ ስላለ ለእናንተ ግልጽ ነው፣ ፊልሙ ውስጥ ግን የጠያቂው ድምፅ የለም። የጠያቂውን ጥያቄዎች በእስክሪብቶ ሸፍናችሁ መልሶቹን ብቻ አንብቡ፣ የታመመው ወዲያው ይታያል። ከዚያ ትራንስክሪፕቱ ውስጥ «የወተት መኪናው» ብለው በስሙ የጠሩበትን ቦታ ፈልጉና ከፊት አስቀድሙት። ከሌለ አንድ መስመር ተራኪ ያስፈልጋል፣ ወይ ተመልሶ መጠየቅ። ከሌላ ቦታ «መኪናው» የምትለዋን ቃል ብቻ ቆርጦ መለጠፍ ግን የድምፁ ከፍታ ስለማይገጥም ያስታውቃል፣ ደግሞም በሰው አፍ ቃል መክተት ነው።

ምልክቱ፦ ታይምኮዱ ሲፈለግ ሌላ ንግግር ይወጣል

ትራንስክሪፕቱ የተጻፈው ከድምፅ መቅጃው ወይም ከስልክ ነው፣ ካሜራው ደግሞ በሌላ ጊዜ ነው የበራው። በየወረቀቱ እያስተካከላችሁ አትልፉ። ከካሜራው ክሊፕ ታይምኮዱ ምስሉ ላይ የሚታይ ቀላል ኮፒ አውጡና ለጸሐፊው እሱን ስጡት። የፋይሉ ስም በየቁራጩ ላይ ይጻፍ፣ ምክንያቱም ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ ማንም አያስታውስም።

ምልክቱ፦ ወረቀቱ 12 ደቂቃ ነበር፣ ታይምላይኑ 25 ሆነ

በገጽ ቁጥር ገምታችኋል። ሱሉልታ ያሉ እናት ረጋ ብለው ነው የሚያወሩት፣ ልጃቸው ደግሞ ይፈጥናል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የመነሻና የመድረሻ ታይምኮድ ካለ ልዩነቱን ደምሩት። ድምሩ ከ12 ደቂቃው ትንሽ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ታይምላይን ላይ የሚወድቅ አይጠፋም። እጥፍ ከሆነ ግን ገና ግድግዳው ላይ እያለ ቀንሱ። ሁለት ሰው አንድ ነገር ካለ፣ የታች ቀስት ያለውን አስቀሩ።