«አታለላችሁኝ» የሚለውን ሰርዤ ቀን ጻፍሁ

ፒያሳ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት 500 በራሪ ወረቀቶቼን ሲያዘገይብኝ ኢሜይል ጻፍሁ። መልሱ «ስድብ አንቀበልም» የሚል ብቻ ነበር።

ደብዳቤዬን እንደገና አነበብሁት። «ሆን ብላችሁ አታለላችሁኝ» ብያለሁ፤ ሐሳባቸውን በምን አውቄ? በቦታው እንዲህ አልሁ፦ «ጥቅምት 4 ቀን ግማሹን ክፍያ ፈጸምሁ። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው የማስረከቢያ ቀን ጥቅምት 18 ነው። እስከ ዛሬ ጥቅምት 27 አልተረከብሁም።»

«መቶ ጊዜ ደወልሁ» የሚለውን ከስልኬ መዝገብ ጋር ሳስተያየው ሦስት ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አፈርሁ፤ የሦስቱንም ጥሪ ቀን ጻፍሁ። «በአስቸኳይ» የሚለው ደግሞ «እስከ ኅዳር 2 አስረክቡኝ፤ ካልሆነ የከፈልሁት ይመለስልኝ» ሆነ።

በማግስቱ ማሽን ተበላሽቶባቸው እንደነበር ገልጸው ለኅዳር 1 ቀን ቆረጡልኝ።