የማሽን ትርጉምን መልሶ በመተርጎም ሲያጣሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መንዝ ላሉ በግ አርቢዎች የሚበተን አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ እንበል። ስለ ትል መድኃኒት ነው። በማሽን ወደ አማርኛ ተተረጎመ። ከዚያ አማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ከዋናው ጋር ይተያያል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ አሠራሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የተመለሰው ከዋናው ጋር ከገጠመ አማርኛውም ልክ ነው ብሎ ማመን

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ዋናው ጽሑፍ በጎቹ 8:00 ላይ እንዲመጡ ያዛል፤ ጠዋት ማለቱ ነው። ማሽኑ «በጎችዎን በ8 ሰዓት ያምጡ» ይላል። መልሰው ሲተረጉሙት ያው 8:00 ይመጣል፤ አንድም ልዩነት አይታይም። መንዝ ውስጥ ያለ የመሐል ሜዳ ከተማ አካባቢ ገበሬ ግን 8 ሰዓት ሲባል የሚገባው ከምሳ በኋላ ነው። ባለሙያው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይጠብቃል፣ ገበሬው 6 ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ቀንም እንደዚሁ ነው። ሴፕቴምበር 10 «መስከረም 10» ከተባለ ሲመለስ ልክ ይመስላል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን 5 መሆን ነበረበት። ስለዚህ ሰዓትና ቀንን አማርኛው ላይ በዓይን ይዩ። መልሶ የሚተረጉመውም ሌላ ማሽን፣ ከተቻለም ዋናውን ያላየ ሰው ይሁን።

ልዩነትን በቃላት ብዛት መመዘን

አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ተገለባብጦ ሊመለስና ምንም ላይጎዳ ይችላል። አንዲት ቃል ደግሞ ትጎዳለች። ዋናው «ከመጨረሻው መድኃኒት በኋላ 14 ቀን ሳይሞላ አትረዱ» ብሎ የተመለሰው «ከመድኃኒቱ በኋላ» ቢል፣ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ የተሰጠው በግ ከመጀመሪያው ተቆጥሮለት ቶሎ ይታረዳል። ሥጋው ውስጥ መድኃኒት ይቀራል። «ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁ» የሚለው «በደንብ ቀላቅሉ» ሆኖ ቢመለስም ቀላል አይደለም። አንዱ አርቢ ውኃ ይጨምርበታል፤ ሌላው ሳይነቀንቅ ከላይ ቀጭኑን ይሰጣል፣ መድኃኒቱ ታች ዘቅጦ ይቀራል። «ያረገዙ እናት በጎች» የሚለው «ያረገዙ በጎች» ቢሆን ግን ይለፍ። መመዘኛው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ያነበበ አርቢ የሚያደርገው ነገር ይለወጣል ወይ?

ልዩነት በታየ ቁጥር አማርኛውን መነካካት

ስህተቱ የተፈጠረው በመልሱ ጉዞ ላይ ሊሆን ይችላል። «ገና ጡት ያልጣሉ ግልገሎች» የሚለውን ማሽኑ የገና በዓል አድርጎ ቢመልሰው፣ አማርኛው ምንም አላጠፋም። እንግሊዝኛው እንዲገጥም ተብሎ አማርኛው ከተቆራረጠ የሚቀረው ማንም የማይናገረው ቋንቋ ነው። ከመንካትዎ በፊት አማርኛውን ብቻ ለአንድ አርቢ ያንብቡለትና «እንግዲህ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ይጠይቁት። በራሱ አባባል በትክክል ከነገርዎ አይንኩት። ከተደናገረ ወይም ሌላ ነገር ከመለሰ፣ የተመለሰው እንግሊዝኛ ፍጹም ቢገጥም እንኳ ያርሙት።