ለሰፈር ሱቅ ሎጎና ፖስተር ስትሠሩ ኪሳችሁን የሚጎዱ ስህተቶች

አንድ ጁስ ቤት ሎጎ፣ በሩ ላይ የሚሰቀል 2 ሜትር ባነርና ውስጥ የሚለጠፍ የዋጋ ፖስተር እንድትሠሩለት አዘዛችሁ እንበል። ሁሉም በነፃ መሣሪያ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው።

ሎጎን ከካንቫ ቴምፕሌት አንስቶ ስም ብቻ መቀየር። ቴምፕሌቱ ላይ ያለችው ብርቱካን ማዶ ያለው ጁስ ቤት ላይም ልትወጣ ትችላለች። ካንቫ ራሱ ዝግጁ ሥዕሎቹን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ አይፈቅድም፤ ፎንት፣ መስመርና ተራ ቅርጽ ግን ይቻላል። ሎጎውን ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ከክብና ከመስመር ራሳችሁ ሥሩት። ነፃ ነው፣ የኤስቪጂ ፋይሉም የቱንም ያህል ቢለጠጥ አይደበዝዝም። ካንቫ ለፖስተሩ ይበቃል።

ለስልክ የተሠራውን ለባነር መላክ። 1080 በ1080 ፒክስል የሆነ ምስል ስልክ ላይ ያምራል፣ 2 ሜትር ላይ ሲለጠጥ ግን በአንድ ኢንች 14 ፒክስል ገደማ ብቻ ይደርሰዋል፤ ፍሬው ጭቃ ይመስላል። ከመንገድ ማዶ ለሚታይ ባነር 100 አካባቢ፣ ቀርቦ ለሚነበብ ፖስተር 300 ያስፈልጋል። ስለዚህ ገጹን ስትከፍቱ ትክክለኛውን ልክ አስገቡ። ቴሌግራም ላይም እንደ ፎቶ አትላኩ፣ ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ላኩ።

የአማርኛውን ፎንት እንዳለ መተው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ይለወጣል ወይ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ኢንክስኬፕ ውስጥ ጽሑፉን መርጣችሁ Path > Object to Path በሉት። ከዚያ በኋላ እንደ ጽሑፍ አይታረምም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ኮፒ አስቀምጡ። ዋጋ መቀየሩ አይቀርማ!

«ስንት ነው?» ሲባል ከአፍ እንደመጣ መጥራት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በወር 20,000 ብር ማግኘት ካለባችሁና በወር የምታስከፍሉበት ሥራ 100 ሰዓት ከሆነ ሰዓቱ 200 ብር ነው። የጁስ ቤቱን አስሉት፦ ሎጎው 6 ሰዓት፣ ባነሩ 2፣ ፖስተሩ 2፣ ንግግርና ማስተካከያ 3። 13 ሰዓት፣ 2,600 ብር። ለትራንስፖርትና ኢንተርኔት 300 ጨምሩ፣ 2,900 ይሆናል። ንግግሩን የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው፣ ግን ከባለቤቱ ጋር «ቀዩን ትንሽ አድምቅልኝ» የምትባባሉበት ሰዓት ያው ሰዓት ነው።

የህትመቱን ብር እዚህ ውስጥ አታስገቡ። ባለቤቱ በቀጥታ ለማተሚያ ቤቱ ይክፈል፤ አለበለዚያ የህትመት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከእናንተ ኪስ ይወጣል። ሥራ ሳትጀምሩ ግማሹን፣ 1,450 ብር፣ ቀብድ ተቀበሉ። ማስተካከያው ሁለት ጊዜ መሆኑንና ከዚያ በላይ በሰዓት 200 ብር እንደሚታሰብ በጽሑፍ ላኩለት፣ አጎትም ቢሆን። ቀሪው እስኪገባ የምትልኩት ትንሽ፣ ስማችሁ በላዩ የተጻፈበት ናሙና ብቻ ይሁን፤ ኤስቪጂው ከክፍያ በኋላ ነው።