የውል ረቂቅ ስታርሙ እጃችሁን የምትሰበስቡበት ቦታ

አዲስ አራሚ ውል የሚያበላሸው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ጎበዝ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት "አንድን ነገር በሁለት ስም አትጥራ፣ የተደጋገመውን ቁረጥ፣ የረዘመውን አሳጥር" ተብሎ ተምሯል፤ ለጋዜጣ ጽሑፍ ይሄ ወርቅ ነው። ውል ላይ ግን አንዳንዴ የሰው ቤት ያሳጣል።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ውል በሚያዘጋጅ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው። ጠበቃው ያረቅቃል፣ እኔ አርማለሁ፣ ከዚያ ታትሞ ተዋዋዮቹ ይዘውት ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳሉ። ከከተማው ዳር ስለሆንን አብዛኛው ሥራችን የቤት ሽያጭ ነው። አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር የሚሠራቸው ስህተቶች ስለሚመሳሰሉ አንድ ቦታ ልጻፋቸው ብዬ ነው።

ቀብድንና ቅድሚያ ክፍያን አንድ ማድረግ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ሰልችቶኛል።

ረቂቁ እንዲህ ይመጣል። ቤቱ በ6 ሚሊዮን ብር ተሸጧል። አንቀጽ 3 "ገዢ ለሻጭ ብር 600,000 (ስድስት መቶ ሺህ) ቀብድ ከፍሏል" ይላል። አንቀጽ 5 ላይ ደግሞ "ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ተቀናሽ ይሆናል" ይላል። አራሚው ያያል፤ ገንዘቡ አንድ ነው፣ ስሙ ሁለት ነው። "ቅድሚያ ክፍያ" ዘመናዊ ይመስላል፣ "ቀብድ" የደላላ ቋንቋ ይመስላል። ፈልጎ ይተካል፣ ሁሉንም "ቅድሚያ ክፍያ" ያደርጋል። ጽሑፉ አማረ።

ግን ቀብድ የደላላ ቋንቋ አይደለም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ እሱ ይደነግጋል። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ሰው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ መልሶ ማፍረስ ይችላል። ቅድሚያ ክፍያ ይሄ የለውም። እሱ ከዋጋው ላይ ቀደም ብሎ የተከፈለ ገንዘብ ነው፣ በቃ።

አሁን ያንን ውል ይዘን ወደፊት እንሂድ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደላላው ለሻጩ በ6 ሚሊዮን ከ500 ሺህ የሚገዛ ሰው ያመጣለታል። ውሉ ቀብድ የሚል ቢሆን ኖሮ ሻጩ ለመውጣት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ መመለስ ነበረበት፤ ግማሹ የተቀበለው ነው፣ 600 ሺው ግን ከኪሱ። 500 ሺህ ለማትረፍ ብሎ 600 ሺህ የሚያወጣ ሰው የለም፣ ስለዚህ አርፎ ይቀመጥ ነበር። ውሉ "ቅድሚያ ክፍያ" ሲል ግን 600 ሺውን ይዞ ይመጣና "ገንዘብህን ውሰድ" ይላል። ገዢው መብት የለውም ማለት አይደለም፤ ይፈጸምልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል፣ ጉዳቱን አስረድቶ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ግን እጥፉ በቀጥታ የሚገኝ ነገር መሆኑ ቀርቶ ፋይል ተከፍቶ፣ ቀጠሮ እየተቆጠረ፣ ማስረጃ እየቀረበ የሚገኝ ነገር ሆነ። የማውቀው አንድ ጉዳይ ልክ እንደዚህ ሆኖ መጨረሻው በሽማግሌ ነው ያለቀው። ገዢው ትንሽ ነገር ተጨምሮለት ገንዘቡን ተቀበለ፣ ቤቱ ግን ሄደ። የመጀመሪያው ረቂቅ አንቀጽ 3 ላይ ቀብድ ይል ነበር።

"እሺ፣ እንግዲያው ሁሉንም ቀብድ ላድርገው" የሚል አለ። እሱም ስህተት ነው! ምናልባት ገዢው የፈለገው ሻጩ በምንም መንገድ እንዳይወጣ ነው። ምናልባት ገዢው የባንክ ብድር እየጠበቀ ነው፣ ብድሩ ካልመጣ 600 ሺው እንዲቀርበት አይፈልግም። ቀብድ ብላችሁ ስትጽፉ ለሁለቱም የመውጫ በር ከፈታችሁ፣ ዋጋውንም ተመናችሁ። በሩ መኖር አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን የሚያውቀው ከሰዎቹ ጋር የተነጋገረው ጠበቃ ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ጽሑፉን እንዳለ ትተዋላችሁ። ዎርድ ላይ ከሆናችሁ ቃሉን መርጣችሁ ኮሜንት ትጨምራላችሁ፣ ወረቀት ከሆነ ዳር ላይ በእርሳስ ትጽፋላችሁ። ኮሜንቱ "ቃሉ አይመሳሰልም" ብቻ ከሆነ ጠበቃው ሥራ ሲበዛበት "አመሳስለው" ብሎ ያልፋችኋል፣ ልዩነቱን ሳያይ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "አንቀጽ 3 ቀብድ ይላል፣ አንቀጽ 5 ቅድሚያ ክፍያ ይላል። ያው 600,000 ብር ነው? ከሆነ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል ወይስ የተቀበለውን ብቻ? አልነካሁትም።" ጥያቄው ገንዘብ ላይ ሲያርፍ ጠበቃው ይቆማል፣ ያነባል፣ አንዳንዴም ስልኩን አንስቶ ደንበኛውን ይጠይቃል።

ከዚህ የሚወጣው መለኪያ ለሌላውም ይሠራል። ከማረማችሁ በፊት አሮጌውንና አዲሱን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አድርጉና ጠይቁ፦ ማን ይከፍላል፣ ስንት፣ መቼ፣ ማን መውጣት ይችላል፣ እምቢ ቢል ምን ይደርስበታል? ከነዚህ የአንዱ እንኳ መልስ ትንሽ ከተነቃነቀ እርማት አይደለም፣ የጠበቃ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤትም በኋላ "እንዲህ ማለታቸው ነበር" ብሎ ያስተካክልልኛል አትበሉ። የዚያው ሕግ አንቀጽ 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከቃሉ ርቆ የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጉም መፈለግ እንደማይችል ነው የሚለው። እናንተ ግልጽ ያደረጋችሁት ስህተት ደግሞ ግልጽ ነው።

የዋስትና አንቀጽ ውስጥ "ድግግሞሽ" መቁረጥ

ብድር ውል ላይ "ዋሱ ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነው" የሚል ይመጣል። አራሚው "በአንድነትና በነጠላ" የሚለውን ማሞቂያ ይመስለዋል። ይቆርጠዋል፤ "ዋሱ ለዕዳው ኃላፊ ነው" ብሎ ይተወዋል። አጭር፣ ንጹሕ።

በነዚያ ቃላት አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ዋሱ ላይ መሄድ ይችላል። ከተቆረጡ ተራ ዋስ ሆነ፤ ተራ ዋስ ደግሞ "መጀመሪያ የተበዳሪውን ንብረት ጨርስ፣ ከዚያ ወደ እኔ ና" የማለት መብት አለው። አበዳሪው የፈለገው ዋስ ሌላ፣ ያገኘው ዋስ ሌላ።

እዚያው አንቀጽ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። "እስከ ብር 400,000 (አራት መቶ ሺህ) ድረስ ዋስ ሆኛለሁ" ይላል፤ የብድሩ መጠን አንቀጽ 2 ላይ ስለተጻፈ አራሚው "ከላይ ለተጠቀሰው ብድር ዋስ ሆኛለሁ" ያደርገዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትናው እስከ ስንት እንደሚደርስ ካልተገለጸ አይጸናም ይላል። "ከላይ ለተጠቀሰው" ማለቱ ይበቃል አይበቃም የሚለው ክርክር ለጠበቆች ይቆይ፤ ክርክሩን የፈጠረው ግን አንድ ቁጥር ደጋግሞ ማየት ያስጠላው አራሚ ነው። ዋስትና ውስጥ ቁጥር አትንኩ።

በነገራችን ላይ ዋስ በሌለበት፣ ሁለት ሰዎች አብረው ሲበደሩ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሕጉ ራሱ ሁለቱን በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ያደርጋቸዋል። እዚያ ቃሉ ቢወጣ ነገሩ እንደ ዋሱ አይከፋም። ይሄን የማነሳው ያው ሐረግ በአንድ ቦታ ትርፍ፣ በሌላ ቦታ አንገት ሊሆን እንደሚችል እንድታዩ ነው። የቱ የትኛው እንደሆነ መለየት የእኛ ሥራ አይደለም።

30 ቀንን "አንድ ወር" ማለት

ባለ 13 ወር ነን፣ ይሄን እንዴት እንደምንረሳው አይገባኝም። ነሐሴ 20 የተፈረመ ውል "ቀሪውን ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ" ካለ፣ ጳጉሜ 5 ቀን ከሆነች መስከረም 15 ላይ ያልቃል። "በአንድ ወር ውስጥ" ካላችሁት ገዢው መስከረም 20 ነው ብሎ ይከራከራል። በመዘግየት በየቀኑ መቀጫ የሚቆጠር ከሆነ የአምስት ቀን ገንዘብ ነው። "እስከ ጥር 30" እና "ከጥር 30 በፊት" ም እንደዚያው ነው፤ አንዷን ቀን ማን ወሰዳት?

ነጠላ ሰረዝ

"ሻጭ ያልተከፈለ የመብራትና የውኃ ሂሳብ እና ግብር ይከፍላል።" አሁን "ሂሳብ" ከሚለው ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ጨምሩና ደግማችሁ አንብቡት። ቅድም ሻጩ የሚከፍለው ያልተከፈለ ግብር ነበር፤ አሁን ግብር የተባለ ሁሉ፣ ከሽያጩ የሚመጣውም ጭምር፣ የእሱ ሊመስል ይችላል። ሰረዙ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ጠይቁ።

"ይችላል"ን "አለበት" ማድረግ፣ "ወይም"ን "እና" ማድረግ

አይደረግም። ስለዚህ ምንም የምጨምረው የለኝም።

ስምና ካሬ

ፊደል ማስተካከል ሥራችን ነው፤ ሀ እና ኃ፣ ሰ እና ሠ አንድ ወጥ ብታደርጉ ማንም አይቆጣም። ስም ላይ ግን አይሆንም። መታወቂያው "ሀይሉ" ካለ "ኃይሉ" ብላችሁ አታሳምሩት፣ መታወቂያውን ተከተሉ። መታወቂያውና ካርታው ራሳቸው ከተለያዩ ደግሞ ለጠበቃው ንገሩ። ካርታው 175 ካሬ ብሎ ረቂቁ 157 ካለ ግልጽ የጣት ስህተት ይመስላል፣ አውቃለሁ። አሁንም አትንኩት፤ ከይዞታው ላይ የተቀነሰ ወይም ሳይሸጥ የቀረ ክፍል ሊኖር ይችላል። ብር በአኃዝና በፊደል ሲለያይም እንደዚሁ ነው። የቱ ልክ እንደሆነ ከወረቀቱ አይገኝም።

በቃል ጠይቆ በቃል ማረም

የመጨረሻው ይሄ ነው። ልጁ ጥሩ ያያል፣ ይጠራጠራል፣ ይደውላል። ጠበቃው ችሎት በር ላይ ሆኖ "እሺ አስተካክለው" ይላል። ልጁ ያስተካክላል፣ ያትማል። ማታ ጠበቃው "የትኛውን ነው ያልከው?" ይላል። እሱ የመሰለው አንቀጽ 7 ነው፣ የታረመው አንቀጽ 4 ነው።

ስለዚህ ስትደውሉም አንቀጹን ከነቃሉ በቴሌግራም ላኩ፤ "ጋሼ፣ አሁን የሚለው ይሄ ነው፣ ቢቀየር ይሄ ይሆናል፣ የቱ ይሁን?" በሉ። መልሱ በጽሑፍ ይምጣ፣ ኮሜንቱ ላይም ይለጠፍ። ለውጡ ሁሉ የሚታይ ይሁን፤ ትራክ ቼንጅ አጥፍታችሁ ንጹሕ ኮፒ አትላኩ። ጠበቃው ካልተገኘና ተዋዋዮቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው "ቶሎ በል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሊዘጋብን ነው" ቢሏችሁም ጥያቄ ያለበትን ገጽ አታትሙ። ይቆጣሉ፣ ይቆጡ፤ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። ከተዋዋዮቹ አንዱ አስቀድሞ ከፈረመ ደግሞ ለግልጽ የፊደል ግድፈት እንኳ ያንን ገጽ አውጥታችሁ አዲስ እንዳታስገቡ፤ የፈረመው ሰው ያየው ወረቀት ያ ነው፣ መቀየር ካለበት ሁለቱም ባሉበት ጠበቃው ይቀይረዋል።