ቋቁቻ፦ መድኃኒቱን ጨርሰው ነጩ ምልክት ሲቀር

ኮምቦልቻ ላይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሐምሌ ገብቶ ደግሞ ዝናቡ እርጥበት ሲጨምርበት፣ ጀርባና ደረታቸው ላይ ቋቁቻ የወጣባቸው ሰዎች ወደ ፋርማሲያችን ይበዛሉ። አብዛኞቹ የሚሉት ግን «ቋቁቻ ወጣብኝ» ሳይሆን «ተቀብቼ ተቀብቼ አልለቅ አለኝ» ነው። ስለዚህ የምጽፈው በዋናነት ለእነዚህ ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ቋቁቻ መሆኑን ማረጋገጥ

ምስር የሚያክሉ ነጠብጣቦች በጀርባ፣ በደረት፣ በትከሻ ወይም በአንገት ላይ ይጀምሩና እየሰፉ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። ከቀሪው ቆዳ ፈዘዝ ሊሉ ይችላሉ፣ ሊጠቁሩ ወይም ቡናማ ሊሆኑም ይችላሉ። ሲያልብዎ ትንሽ ያሳክካል፤ ብዙ ሰው ግን ምንም አይሰማውም።

ዋናው መለያ ቅርፊቱ ነው። ከመታጠብዎ በፊት፣ ቆዳው ደረቅ ሳለና ቅባት ሳይነካው፣ አንዱን ነጠብጣብ በጥፍር ለስለስ አድርገው ይፋቁት። ቋቁቻ ከሆነ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ ቅርፊት ይነሳል። ወዲያው ከታጠቡ በኋላ ከሞከሩት ቅርፊቱ በውሃ ስለሚሄድ ሊያሳስትዎ ይችላል። ጀርባ ላይ ከሆነ ሌላ ሰው በመስኮት ብርሃን ይይልዎት።

ምክንያቱ

ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ ከውጭ የመጣ ሳይሆን በሁላችንም ቆዳ ላይ ያለ፣ ቆዳችን በሚያመነጨው ቅባት የሚኖር ነው። ሙቀት፣ ላብና አየር የማያስገባ ልብስ ሲገናኙለት ይራባል፣ መልኩንም ለውጦ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ይይዛል። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። የንጽሕና ጉድለትም አያመጣውም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው፣ ቤተሰብ አንሶላና ፎጣ የለየባትን ልጅ ፊቷ ላይ የሚነበበውን ሀፍረት ስለማውቀው ነው። አብሯት መተኛትም ሆነ በአንድ ፎጣ መጠቀም ቋቁቻ አያሲዝም።

ፈንገሱ የሚለቀው አንድ አሲድ ደግሞ ቆዳ ቀለም የሚሠራበትን ሂደት ያዳክማል። ነጩ ምልክት የሚመጣው በዚህ ነው። «አልለቅ አለኝ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳውም ከዚሁ ነው፦ ፈንገሱ በመድኃኒት በቀናት ውስጥ ይሞታል፣ ቆዳው ቀለሙን እስኪመልስ ግን ወራት ይፈጅበታል።

አንድ ሰው እንዴት እንደተቸገረ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል የሚሠራ ወጣት ነበር። ሽመና ክፍል ውስጥ ክሩ እንዳይበጠስ አየሩ ሆን ተብሎ እርጥብ እንዲሆን ይደረጋል፤ እሱ ደግሞ ከሥራ ካፖርቱ ሥር የናይለን ማሊያ ይለብሳል። መጀመሪያ ክሎትሪማዞል ክሬም ሁለት ሳምንት ተቀብቶ ማሳከኩም ቅርፊቱም ጠፋለት፤ ነጩ ግን ቀረ። «አልሠራም» ብሎ ሌላ ቦታ ሄደና ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ክሬም ተሰጠው። ያ ሳያድነው ጎኑ ላይ አዲስ ወጣበት። ቀጥሎ የግሪሴኦፉልቪን ክኒን አንድ ወር ዋጠ፤ ምንም ለውጥ አልመጣም።

መስኮቱ አጠገብ አቁመን በጥፍር ስንሞክረው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ትከሻው ላይ ያሉት ነጫጭ ምልክቶች ለስላሳ ናቸው፣ ቅርፊት የላቸውም፤ እነሱ ከዳኑ ቆይተዋል። ከብብቱ በታች ጎኑ ላይ ያሉት ግን ዱቄት ያነሳሉ፤ እዚያ ያለው ፈንገስ ሕያው ነው። ስለዚህ የስቴሮይድ ክሬሙን አስቆምነው፤ እብጠትና ማሳከክ ያስታግሳል እንጂ የቆዳን መከላከያ እያዳከመ ፈንገሱን ያሰፋዋል። ግሪሴኦፉልቪን ለጭርት የሚሰጥ ነው፣ ማላሴዚያን አይነካውም። የሚዋጥ ተርቢናፊንም እንዲሁ ለቋቁቻ አይሠራም።

ከዚያ የኬቶኮናዞል 2% ሻምፑ ለአምስት ቀን ተጠቀመ። በሐምሌ ጎኑ ላይ ቅርፊት ጠፋ። ትከሻው ቀለሙ ከቀሪው ቆዳው ጋር የተስተካከለው ኅዳር ላይ ነው፤ በመሃል ምንም አልተቀባም።

ሕክምናው በትክክል ሲደረግ

ክሬም ለአንድ ሁለት ነጠብጣብ ይበቃል፤ ክሎትሪማዞል 1% ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት። ጀርባ ሙሉ ለያዘው ግን ሻምፑ ይሻላል፣ ምክንያቱም በዓይን የማይታየውንም ቦታ ያዳርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጠብጣቡን ብቻ እየመረጠ በመቀባት ነው።

ሰውነትዎን ያርጥቡ፤ ሻምፑውን ከአንገት እስከ ወገብ፣ ክንድንም እስከ ክርን ድረስ ያዳርሱት። አምስት ደቂቃ ቆይተው ይታጠቡት። በቀን አንዴ ለአምስት ቀን ይበቃል። ቧንቧ ባይኖርም በጆግ ውሃ መታጠብ ይቻላል፤ ዋናው አምስቱን ደቂቃ አለማሳጠር ነው። ኬቶኮናዞል ከጠፋ ሴሊኒየም ሰልፋይድ 2.5% አለ፤ እሱ አሥር ደቂቃ ይቆያል፣ ለሰባት ቀን። ሽታው ከበድ ይላል፣ የተላጠ ቆዳንም ያቃጥላል፤ የብር ጌጥ ስለሚያበላሽም አስቀድመው ያውልቁት።

በረኪና የሚያሹ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቆዳ ያቃጥላል፣ ከቋቁቻው የባሰ ጠባሳም ሊተው ይችላል፤ እባክዎ አይሞክሩት። ቅቤና የፀጉር ዘይት ጀርባ ላይ መቀባትም ይቅር፣ ፈንገሱ የሚወደው ቅባት ነውና።

በጣም ለሰፋ ወይም በሻምፑ እምቢ ላለ ቋቁቻ ሐኪም ፍሉኮናዞል ሊያዝ ይችላል፤ ያለ ትዕዛዝ የሚዋጥ አይደለም። እርጉዝ የሆነች፣ የጉበት ሕመም ያለበት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። የሚዋጥ ኬቶኮናዞል ግን ጉበት ስለሚጎዳ ለቋቁቻ አይሰጥም።

ዳነና በዓመቱ ተመለሰ

ይመለሳል፤ ፈንገሱ ከቆዳችን ጠቅልሎ አይወጣምና። በየዓመቱ የሚመለስበት ሰው ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት፣ ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ፣ ያንኑ ሻምፑ በወር አንድ ቀን ቢጠቀም ብዙውን ጊዜ ይቀርለታል። ከሥራ እንደተመለሱ በላብ የራሰ ልብስ ማውለቅና የጥጥ ካናቴራ መልበስ ይረዳል። ደሴ ቢኖሩም ያው ነው፤ ብርድ ነው ብለው በናይለን ሹራብ ላይ ጃኬት ደርበው ዳገት የሚወጡ ሰዎች ጀርባቸው በላብ ይርሳል።

ቋቁቻ ካልሆነስ?

እንደ ወተት የነጣና ቅርፊት የሌለው ምልክት ለምጽ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሃሉ የጠራ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ይፈትሹ። ጥጥ ጫፉን አሹለው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ሌላ ሰው ምልክቱን አንዴ፣ ጤነኛውን ቆዳ አንዴ ይንካዎት። ምልክቱ ላይ ጥጡ የማይሰማዎት ወይም የሚያንስዎት ከሆነ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ሳይዘገዩ ይሂዱ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ለቆዳና ለሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል፤ ነርቭ ሳይጎዳ ከተጀመረም አካል ሳያጎድል ይድናል።